«ባዶ ነው» ስንል፦ ጭረት፣ ባዶ ሴልና ዜሮን በታተመ ሠንጠረዥ ላይ መለየት

አራት ኪሎ አካባቢ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ኮፒ ቤት አለችኝ። ጠባብ ናት። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ያረጀ ኮፒ ማሽን። ብዙ ሠንጠረዥ በእጄ ያልፋል፤ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ የዕድር ሒሳብ፣ የሕንፃ ኮሚቴ ሪፖርት።

ጥር መጀመሪያ ላይ የአንድ ሕንፃ ኮሚቴ ጸሐፊ ፍላሽ ይዘው መጡ። ሕንፃው ምድር ላይ አምስት የንግድ ቤቶች አሉት። ከመንገድ የሚገባው ውኃ አንድ ዋና ቆጣሪ አለው፤ እያንዳንዱ ቤት ደግሞ የራሱ ትንሽ ቆጣሪ። በየወሩ መጨረሻ ጥበቃው ዞሮ ያነባል፣ ጸሐፊዋ ኤክሴል ላይ ይሞላሉ።

«ይቺን አትመህ ስድስት ኮፒ አድርግልኝ የኔ ልጅ። አንዷን በር ላይ እንለጥፋታለን፣ ሌላውን ለየቤቱ።»

ከፈትኩት። ይህን ይመስል ነበር፤ ቁጥሩ በሜትር ኩብ ነው።

| ቤት | መስከረም | ጥቅምት | ኅዳር | ታኅሣሥ |
|---|---:|---:|---:|---:|
| ካፌ | 31 | 28 | 34 | 30 |
| ጸጉር ቤት | 12 | - | 25 | 11 |
| ልብስ ስፌት | 3 | 0 | 2 | 3 |
| መጻሕፍት መደብር | 2 | - | - | 1 |
| ቁርስ ቤት | - | - | 9 | 14 |

«እትዬ፣ ይቺ ጭረት ምንድን ናት?»

«ባዶ ነዋ!»

«ባዶ ማለት?»

«እኔ እንጃ፤ ጥበቃው ባዶ ነው ሲለኝ ባዶ አልኩ።»

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። በእኛ አፍ «ባዶ» ሦስት ሥራ ይሠራል። ቡድኖች ባዶ ለባዶ ሲለያዩ ዜሮ ማለታችን ነው። ቅጹ ባዶ ነው ስንል ማንም አልሞላውም ማለታችን ነው። ቤቱ ባዶ ነው ስንል ሰው የለበትም ማለታችን ነው። ጥበቃው ሦስቱንም በአንድ ቃል ተናግሮ ነበር። ሠንጠረዡ ደግሞ ሦስቱንም በአንድ ጭረት ጻፋቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። እኔ «ጭረት» የምለው ሆን ብዬ ነው። ብዙ ሰው «ሰረዝ» ይለዋል። ግን ሰረዝ በአማርኛ ነጠላ ሰረዝም ድርብ ሰረዝም ነው። አንድ ጊዜ በስልክ «እዚያ ሴል ላይ ሰረዝ አድርጊበት» ብዬ ልጅቷ በሙሉ ሠንጠረዡ ላይ «፣» ስትደረድር ውላለች። ጥፋቱ የእኔ ነበር።

1. ከኮምፒውተሩ በፊት ደብተሩን ይክፈቱ

ጭረቷ ምን እንደሆነች ኤክሴሉ አያውቅም። የሚያውቀው ደብተሩ ነው። ጸሐፊዋን ደብተሩን እንዲያመጡ ለመንኳቸው፤ ሕንፃው ቅርብ ስለነበር ሄደው ይዘው መጡ።

ቁጥር ለሌለበት ለእያንዳንዱ ሴል ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ፤ ቅደም ተከተሉን ሳያዛቡ። በዚያ ወር እዚያ ቤት ቆጣሪ ነበረ ወይ? ከነበረ፣ ተነበበ ወይ? ከተነበበ፣ ቁጥሩ ተንቀሳቀሰ ወይ? «አይደለም» ያሉበት የመጀመሪያው ጥያቄ የሴሉን ስም ይሰጥዎታል። ቆጣሪ ካልነበረ «አይመለከተውም» ነው። ቆጣሪ ኖሮ ካልተነበበ «አይታወቅም» ነው። ተነብቦ ካልተንቀሳቀሰ፣ ያኔ ብቻ ዜሮ ነው።

በደብተሩ ላይ እንየው። የመጻሕፍት መደብሩ ቆጣሪ ውጭ ግድግዳው ላይ ነው። የመስከረም መጨረሻ ንባብ 412፣ የጥቅምት 412፣ የኅዳርም 412። ባለቤቱ ሁለት ወር አገር ቤት ነበሩ፤ ሱቁ ተዘግቶ ነበር። ንባቡ አለ፣ ልዩነቱ የለም። ይህ እውነተኛ ዜሮ ነው። ዜሮ እንዲህ በሁለት ንባብ የሚረጋገጥ ነገር ነው።

የጸጉር ቤቱ ቆጣሪ ግን ውስጥ ነው፣ ከመታጠቢያው ሥር። የመስከረም መጨረሻ 806። በጥቅምት መጨረሻ ጥበቃው ሲሄድ በሩ ተቆልፏል። ደብተሩ ላይ «ባዶ» ብሎ ጽፏል፤ ሰው የለም ለማለት። የኅዳር መጨረሻ 831። እንግዲህ በሁለቱ ወራት 25 ሜትር ኩብ ውኃ ሄዷል። በጥቅምት ስንቱ፣ በኅዳር ስንቱ? ማንም አያውቅም። ስለዚህ የጥቅምቱ ጭረት ዜሮ አይደለም። ብዙ ሰው የሚስተው ደግሞ የኅዳሩን ነው፤ 25ም የኅዳር ብቻ አይደለም። ቆጣሪ የሚደምር መሣሪያ ነው። አንድ ንባብ ሲጎድል ሁለት ወር ያበላሻል።

ቁርስ ቤቱ የተከፈተው ኅዳር መግቢያ ላይ ነው። ጥቅምት 30 ቀን አዲስ ቆጣሪ ገጠሙለት። ከዚያ በፊት ክፍሉም ባዶ ነበር፣ ቆጣሪም አልነበረውም። የመስከረምና የጥቅምት ሴሎች ቢለፋም አይሞሉም፤ የሚሞላ ነገር የለማ። ይህ ዓይነቱ ሴል በእኛ ቀን መቁጠሪያ ላይም አለ። በየቀኑ የሚሞላ ቅጽ ላይ «ጳጉሜ 6» የሚል ረድፍ ካለ፣ በ2015 ይሞላል፤ በ2016 እና በ2017 ግን ቀኑ ራሱ የለም። ያን ረድፍ በዜሮ የሞላ ሰው በሌለ ቀን ምንም አልተሸጠም እያለ ነው።

2. ጭረቷን ማን እንዳሰመራት ይወቁ

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ። ጭረት ያለበትን ሴል ይጫኑና ላይ ያለውን፣ ፎርሙላ የሚታይበትን ረጅም መስመር ይመልከቱ። እዚያ ሦስት ነገር ሊያገኙ ይችላሉ። ጭረት ካዩ ሰው የጻፈው ነው። ምንም ካላዩ ሴሉ እውነትም ባዶ ነው። ሴሉ ላይ ጭረት እያለ እዚያ 0 ካዩ ግን ጭረቷን ያሰመራት ራሱ ኤክሴል ነው።

የጸሐፊዋ ሦስተኛው ነበር። አምስቱም ጭረቶች ውስጣቸው 0 ነው። እሳቸው ጭረት ጽፈው አያውቁም። ያደረጉት ቁጥሮቹን መርጠው `Comma Style` የሚለውን ቁልፍ መጫን፣ ከዚያ ነጥብ በኋላ ያሉትን አሃዞች መቀነስ ብቻ ነው። ይህ ቁልፍ ሺዎችን በኮማ ይለያል፤ ሳይጠየቅ ግን ዜሮን በጭረት ይተካል። የሒሳብ ሰዎች ልማድ ነው፣ እዚያ ያምራል። እኛ ቤት ግን ጉድ ይሠራል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ የገረማቸው ነገር ተፈታ። የልብስ ስፌቷ ጥቅምት ላይ ጭረት ሳይሆን «0» ነው የሚታየው። ለምን ተለየ? ስጫነው ውስጡ 0.3 ነው። ቆጣሪው ላይ ጥቁሮቹ አሃዞች ሙሉ ሜትር ኩብ ናቸው፣ ቀዮቹ ክፍልፋይ። ጥበቃው ቀዮቹንም ያነባል፤ ጎበዝ ነው። 0.3 ሜትር ኩብ 300 ሊትር ነው፤ አሥራ አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። ነጥቡ ሲቀነስ 0 ሆኖ ታየ። በዚያ ወረቀት ላይ እንግዲህ «0» የተጻፈበት ቤት ውኃ ተጠቅሟል፤ «-» የተጻፈበት ደግሞ ወይ አልተጠቀመም፣ ወይ አልታወቀም፣ ወይ ገና አልነበረም። በር ላይ ቆሞ የሚያነብ ሰው ይህን ከየት ያውቃል?

3. አራት ነገር፣ አራት ምልክት

ዓለም በምልክት አልተስማማም። የጀርመን ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ጭረትን ለፍጹም ዜሮ፣ «0»ን ደግሞ ከመለኪያው ግማሽ በታች ለሆነ ጥቂት ነገር ይጠቀማል። የዓለም ባንክ ሠንጠረዦች ላይ መረጃው ከሌለ ሁለት ነጥብ «..» ያገኛሉ። የ2016ቱን የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት (ዓመቱ በፈረንጅ ነው) የገለጠ ሰው ኮከብ አይቷል፤ እሱ ደግሞ ቁጥሩ ከ25 ባነሱ ሰዎች ላይ ስለቆመ አልታተመም ማለት ነው። ስለዚህ «ትክክለኛው ምልክት የቱ ነው?» ብሎ መጨነቅ ዋጋ የለውም። ዋናው አንድ ምልክት አንድ ትርጉም ብቻ እንዲኖረው፣ ትርጉሙም እዚያው ሠንጠረዥ ሥር እንዲጻፍ ነው።

እኔ በር ላይ ለሚለጠፍ ወረቀት የምመርጠው ይህን ነው፤ ምክንያቱንም ልንገራችሁ።

ዜሮን በ0 ይጻፉ። ጀርመኖች ደስ እንዳላቸው ይሁኑ፣ አራት ኪሎ ላይ ጭረት አይቶ «ዜሮ» የሚል ሰው የለም። «አልሞሉትም» ነው የሚለው። ያነበባችሁትና ያረጋገጣችሁት ዜሮ ከሆነ አትፈሩ፣ ጻፉት።

ጭረትን «አይመለከተውም» ለሚለው ብቻ ይተዉት። ሰው ሲያየውም የተዘጋ በር ይመስላል። አጭሯን የቁልፍ ሰሌዳ ጭረት ሳይሆን ረዘም ያለችውን ያድርጉ። አጭሯ ከመቀነስ ምልክት ጋር ትምታታለች። ዊንዶውስ ላይ Alt ተጭነው በቀኝ በኩል ካሉት የቁጥር ቁልፎች 0150 ሲመቱ ረጅሟ ትወጣለች።

ያልታወቀውን በፊደል ይጻፉ። እኔ «ያ» አልኩት፣ «ያልተነበበ» ለማለት። ሦስት ነጥብ ማድረግም የተለመደ ነው፤ ችግሩ ኮፒ ላይ ነጥብ ይጠፋል። ፊደል ግን ቢደበዝዝም ይለያል።

ዜሮ ያልሆነውን ግን ዜሮ መስሎ የሚታየውን «<0.5» ይበሉት። ወይ ዓምዱን በሙሉ በአንድ አሃዝ ክፍልፋይ ያሳዩት። ጸሐፊዋ «ነጥብ ሲበዛ ሰው ይደናገራል» አሉ፤ አልተከራከርኳቸውም።

ሴልን ባዶ መተው ግን የለም። ይህን ለማስረዳት ጸሐፊዋን ብዙ ማሳመን አላስፈለገኝም። ደረሰኝ የቆረጠ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከድምሩ በላይ የቀረውን ባዶ ቦታ በረጅም መስመር ይሰርዙታል፣ ማንም እንዳይጨምርበት። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሠንጠረዥ ባዶ ሴል ካለው አንዱ በእስክሪብቶ ይሞላዋል። በዚያ ላይ ቶነር ያለቀበት ፕሪንተር ቁጥር ሲዘል የሚተወው ባዶ ከእውነተኛው ባዶ አይለይም።

4. ኤክሴሉን ማረም

መጀመሪያ ቁጥሮቹን በሙሉ ይምረጡና የ`Comma Style`ን ልብስ አውልቁላቸው፤ `General` ያድርጓቸው። አሁን ጭረቶቹ ወደ 0 ይመለሳሉ፣ ስፌቷም 0.3 ትላለች። ከዚያ የጸጉር ቤቱን ጥቅምት 0 አጥፍተው «ያ» ይጻፉ። የቁርስ ቤቱን ሁለት ዜሮዎች አጥፍተው ረጅም ጭረት ያድርጉ። የመጻሕፍት መደብሩን ዜሮዎች አይንኩ።

ፊደልና ጭረት ኤክሴል ውስጥ ጽሑፍ ናቸው። `SUM`፣ `COUNT` እና `AVERAGE` ዘለዋቸው ያልፋሉ። ግን በመደመር ምልክት `=B3+C3` ብለው ከጻፉ `#VALUE!` ይመጣል። ሲመጣ ደንግጠው ጽሑፉን በ0 አይተኩ፤ ፎርሙላውን ወደ `SUM` ይለውጡ።

የስፌቷን «<0.5» እና የጸጉር ቤቱን የኅዳር 25 በእጅ አይጻፉ። «25*» ብለው በእጅ ቢጽፉ ሴሉ ጽሑፍ ይሆናል፤ `SUM` ዝም ብሎ ያልፈውና ድምሩ በ25 ያንሳል። ማንም አያስጠነቅቅዎትም። ይልቅ ቁጥሩን እንዳለ ትተው መልኩን ብቻ ይቀይሩ። `Format Cells` ውስጥ `Custom` የሚለው ላይ ይህን ያስገቡ፤ የመጀመሪያው ለሁሉም፣ ሁለተኛው ለ25 ብቻ።

```
[=0]0;[<0.5]"<0.5";0
0"*"
```

ከዚያ ቁጠሩ። አምስት ቤት በአራት ወር 20 ሴል ነው። እነዚህን አራት ፎርሙላዎች ከሠንጠረዡ ውጭ ያስቀምጡ።

```
=COUNT(B2:E6)
=COUNTIF(B2:E6,"ያ")
=COUNTIF(B2:E6,"–")
=COUNTBLANK(B2:E6)
```

የእኛ 17፣ 1፣ 2 እና 0 ሰጠ። ድምሩ 20። የመጨረሻው ከ0 ከበለጠ ያልሞላችሁት ሴል አለ። ሦስተኛው ካነሰ ደግሞ አንድ ቦታ አጭሯን ጭረት ጽፋችኋል ማለት ነው።

አንድ ወጥመድ ይቀራል። ብዙ ሰው መረጃውን በአንድ ገጽ፣ የሚታተመውን በሌላ ገጽ ያደርግና `=Sheet1!C3` እያለ ይስባል። የተሳበው ሴል ባዶ ከሆነ ኤክሴል 0 ያመጣል። ባዶው በመንገድ ላይ ዜሮ ሆነ ማለት ነው። «ያ» የተጻፈበት ሴል ግን «ያ» ሆኖ ይመጣል። ባዶ ሴል የማልወደው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

5. አማካዩን በሴል ሳይሆን በወር ያካፍሉ

ኮሚቴው ሠንጠረዡን የፈለገው ለየቤቱ ቅድመ ክፍያ ለመወሰን ነበር፤ በአራቱ ወር አማካይ። እዚህ ላይ ነው ጭረቷ ገንዘብ የምትሆነው።

ቁርስ ቤቱን እንውሰድ። በድሮው ፋይል ሁለቱ ዜሮዎች ተቆጥረው 23 ለ4 ተካፈለና 5.75 ወጣ። ቆጣሪው የቆየው ሁለት ወር ነው፤ 23 ለ2 ሲካፈል 11.5 ነው። በግማሽ ሊያስከፍሉት ነበር። አሁን ጭረት ስላደረግን `AVERAGE` ራሱ 11.5 አለ።

የመጻሕፍት መደብሩ ተቃራኒው ነው። 2፣ 0፣ 0፣ 1። ለ4 ተካፍሎ 0.75፤ ትክክል ነው። ዜሮዎቹን «ያስቀይማሉ» ብላችሁ ብታጠፏቸው 1.5 ይሆናል። ሰውየው በሌሉበት እጥፍ ሊከፍሉ ነው።

ጸጉር ቤቱ ግን ተንኮለኛ ነው። በድሮው ፋይል ዜሮው ተቆጥሮ 48 ለ4፣ 12 ወጣ። እኛ ዜሮውን አርመን «ያ» ካደረግን በኋላ `AVERAGE` 48ን ለ3 አካፍሎ 16 አለን። አርመን አበላሸን? አዎ፣ አማካዩን አበላሸን። ምክንያቱም 25ቱ የሁለት ወር ውኃ ነው፤ ሦስቱ ቁጥሮች አራት ወር ይሸፍናሉ። ትክክለኛው 12 ነው። የድሮው ፋይል በስህተት ትክክል ነበር። ስለዚህ የሚደምር ቆጣሪ ሲኖር `AVERAGE`ን አትመኑት። «የሸፈነው ወር» የሚል አንድ ዓምድ ጨምሩና በእሱ አካፍሉ።

```
=SUM(B3:E3)/F3
```

F ላይ ለጸጉር ቤቱ 4፣ ለቁርስ ቤቱ 2 ይገባል። ያ ዓምድ በእጅ የሚሞላ ነው፤ ደብተሩን አይቶ።

25ን ለሁለት ከፍሎ 12.5 እና 12.5 ማድረግስ? ጸሐፊዋ ጠይቀውኛል። ይቻላል፤ ግን ያ ግምት ነው እንጂ ንባብ አይደለም። ግምት ያለ ምልክት ከንባብ ጎን ከተቀመጠ ከስድስት ወር በኋላ እናንተም ትረሱታላችሁ። እኔ «ያ» እና «25*»ን መረጥኩ።

6. የድምሩ ረድፍ

የዓምድ ድምር ላይ ጉድለቱ ይደበቃል። ኮሚቴው ይህን ቀድሞ ቀምሶት ነበር። የጥቅምት አምስቱ ቤቶች ድምር 28.3 ነው፤ ዋናው ቆጣሪ 42 ብሏል። ወደ 14 ሜትር ኩብ የሚጠጋ ውኃ ጠፋ! ቧንቧ ፈሰሰ ተብሎ ባለሙያ ተጠርቶ፣ ግቢው ተቆፍሮ ነበር። ምንም አልተገኘም። በኅዳር ደግሞ የቤቶቹ ድምር 70 ሲሆን ዋናው ቆጣሪ 59 ብቻ ነው። ከዋናው ከገባው በላይ በቤቶቹ ወጣ ማለት ነው። ይህ ሊሆን አይችልም።

ሊሆን የማይችል ነገር ሲታይ ከቧንቧው በፊት ሠንጠረዡን መመርመር ነው። ሁለቱን ወር አንድ ላይ ስንደምር ቤቶቹ 98.3፣ ዋናው 101። ልዩነቱ 2.7። በመስከረም ልዩነቱ 2 ነበር፤ በታኅሣሥም 2። ውኃው አልጠፋም። የጠፋው የጥቅምት ንባብ ነው።

ስለዚህ ከሚደመሩት መካከል «ያ» ካለ ድምሩን ራቁቱን አትተዉት። ምልክት ያድርጉበት። የእኛ ሠንጠረዥ በመጨረሻ እንዲህ ሆነ።

| ቤት | መስከረም | ጥቅምት | ኅዳር | ታኅሣሥ |
|---|---:|---:|---:|---:|
| ካፌ | 31 | 28 | 34 | 30 |
| ጸጉር ቤት | 12 | ያ | 25* | 11 |
| ልብስ ስፌት | 3 | <0.5 | 2 | 3 |
| መጻሕፍት መደብር | 2 | 0 | 0 | 1 |
| ቁርስ ቤት | – | – | 9 | 14 |
| የቤቶች ድምር | 48 | 28** | 70* | 59 |
| ዋናው ቆጣሪ | 50 | 42 | 59 | 61 |

ሥሩ ላይ ደግሞ፦

ቁጥሩ በሜትር ኩብ ነው።
0 = ተነብቧል፣ ውኃ አልተጠቀመም።
<0.5 = ተጠቅሟል፣ ከግማሽ ሜትር ኩብ በታች።
ያ = ቆጣሪው አልተነበበም፣ መጠኑ አይታወቅም።
– = በዚያ ወር ቆጣሪ አልነበረም።
\* የጸጉር ቤቱ የጥቅምትና የኅዳር ፍጆታ አንድ ላይ።
\*\* ጸጉር ቤት ሳይጨመር።

ስድስት ምልክት ለአንዲት ገጽ ብዙ ነው፣ አውቃለሁ። የማይገኝ ነገር ግን አይጻፍ። በሚቀጥለው ወር ያልተነበበ ቤት ከሌለ «ያ» እና ኮከቦቹ ከሥሩም ይውጡ። መፍቻው ደግሞ ሁልጊዜ በዚያው ገጽ ላይ ይሁን፤ ጀርባው ላይ ከሆነ ግድግዳ ያነበዋል።

7. ከማተም በፊት የኮፒ ፈተና

ጽሑፍ ወደ ግራ፣ ቁጥር ወደ ቀኝ መቆም የኤክሴል ልማድ ነው። «ያ» እና ጭረቷ ከቁጥሮቹ ተነጥለው የጎረቤት ዓምድ ይመስላሉ። ሁሉንም ወደ ቀኝ ያስጠጉ።

የረድፍ መስመሮቹን ቀጭን ያድርጓቸው፣ ወይም ከየረድፉ ሥር ያለውን ያጥፉት። ሴሉ ጠባብ ከሆነ ጭረቷ ከመስመሩ ጋር ትጋጠምና የተሰረዘ ቁጥር ትመስላለች። እኔ የረድፉን ቁመት ትንሽ ከፍ አደርጋለሁ፤ ያ ይበቃል።

ከዚያ አንድ ያትሙ። የታተመውን ኮፒ ያድርጉ፤ ኮፒውን መልሰው ኮፒ ያድርጉ። ሰው የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሦስተኛው ነው። ክንድዎን ዘርግተው ይዘው ጭረቶቹን ይቁጠሩ። ሁለት መሆን አለባቸው። «<0.5» ላይ ነጥቧ ከጠፋች «<05» ይሆናል፤ ፊደሉን በአንድ ወይም በሁለት ቁጥር አሳድጉት። የእኔ ማሽን ላይ ነጥቧ የተረፈችው 11 ላይ ነው።

ጸሐፊዋ ስድስቱን ኮፒ ወሰዱ። የጥርን ሲያመጡ ደብተሩንም አብረው ይዘው ነበር። ጥበቃው «ባዶ» መጻፍ ትቷል። ለጸጉር ቤቱ ንባቡን አስፍሯል፤ አንዱ ቤት ላይ ደግሞ በትልልቅ ፊደል «ቆልፈው ሄደዋል፣ አላየሁም» ይላል።